የመሪ መብራት ሲበራ፣ መሪው ሲከብድ፦ የኤሌክትሪክ ፓወር ስቲሪንግን ደረጃ በደረጃ መፈተሽ

ማታ ነው፣ ይዘንባል። የፊት መብራት በርቷል፣ የዝናብ መጥረጊያው ይሠራል፣ መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ማራገቢያውን ከፍቼዋለሁ። ጠባብ ቦታ ላይ ወደኋላ እየገባሁ መሪውን ወደ ጫፍ ሳዞር መሃል ላይ ጠነከረብኝ። ሰው ከሥር የያዘው ነው የሚመስለው። ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምልክት ከነቃለ አጋኖው ቢጫ ሆኖ በራ። ሞተሩን አጥፍቼ መልሼ አስነሳሁ። መብራቱ ጠፋ፣ መሪውም እንደ ወትሮው ቀለለ።

በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ወንድሜ፣ የመሪው ዘንግ ከነሞተሩ ይቀየራል» አለኝ። አልቀየርኩም። ችግሩ የተገኘው አንድ ብሎን ሥር ነው። እንዴት እንደተገኘ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ መብራት ሲበራ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የመሪው ኤሌክትሪክ ሞተር ቢሆንም፣ ሞተሩን የሚያስርበው ግን ሌላ ነገር የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

መጀመሪያ፣ መሪው ሥር ምን አለ?

የድሮው ፓወር ስቲሪንግ ዘይትና ፓምፕ ነበረው፤ ፓምፑን የመኪናው ሞተር በቺንጊያ ያዞረዋል። የኤሌክትሪኩ ዘይትም ቺንጊያም የለውም። መሪውን ስታዞሩ ዘንጉ መሃል ላይ ያለች ቀጭን ብረት በጥቂቱ ትጠመዘዛለች። አንድ ሴንሰር ያንን መጠምዘዝ ይለካል። ኮምፒውተሩ ከመኪናው ፍጥነት ጋር አገናዝቦ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ «ይህን ያህል አግዝ» ይለዋል። ሞተሩ በአንዳንድ መኪና ዳሽቦርዱ ሥር ዘንጉ ላይ ነው፣ በሌላው ደግሞ ታች ከጎማዎቹ አጠገብ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ በተለመዱት መኪኖች መሪውና ጎማዎቹ አሁንም በብረት የተያያዙ ናቸው። እገዛው ቢጠፋ መኪናው አሁንም ይታጠፋል፤ የሚጨምረው የእናንተ ድካም ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚበላው በተመሳሳይ መጠን አይደለም። በቀጥታ መንገድ ላይ ከሞላ ጎደል ምንም አይወስድም። መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ግን በአንዴ 50 ወይም 60 አምፔር፣ በከባድ መኪና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። ከሞተሪኖ ቀጥሎ ባትሪውን እንዲህ በቅጽበት የሚጎትተው ነገር ጥቂት ነው። የኔ መኪና ሁልጊዜ ስታቆም እንጂ ስትሄድ የማታስቸግረው በዚህ ምክንያት ነበር።

እገዛው ሲጠፋ እጅ ላይ ምን ይሰማል?

ይህን ክፍል አትዝለሉት። መሪው የከበደበት መንገድ ራሱ የበሽታው ግማሽ ማስረጃ ነው።

በአንዴ የሚጠፋው በጣም ያስደነግጣል። ኩርባ ላይ እያላችሁ ከሆነ መሪው ከእጃችሁ ወደ ቀጥታው ሊሸሽ ይሞክራል። ጎማዎቹ ሁልጊዜ ወደ ቀጥታ መመለስ ይፈልጋሉ፤ እስከዚያ ድረስ እነሱን የያዘላችሁ ሞተሩ ነበር፤ አሁን ሸክሙ በሙሉ ክንዳችሁ ላይ ወደቀ። ብዙ ሰው በዚያች ቅጽበት መሪው የተቆለፈ ይመስለዋል። አልተቆለፈም። ጠንከር ብላችሁ ስትስቡ ይመጣል።

በፍጥነት እየሄዳችሁ በቀጥታ መንገድ ላይ ቢጠፋ ግን ላይሰማችሁም ይችላል። በፍጥነት ጊዜ እገዛው ቀድሞውንም ትንሽ ነው። መብራቱን ታያላችሁ፣ መሪውን ትሞክራላችሁ፣ ደህና ነው። «ሴንሰር ነው» ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። ከዚያ ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ፍጥነት ቀንሳችሁ ልትታጠፉ ስትሉ ነው ጉዱ የሚፈላው። መሪው በፍጥነት ላይ ቀላል መሆኑ ለአደባባዩ ዋስትና አይሆንም።

ቀስ በቀስ የሚከብድ ሌላ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ ስታዞሩ፣ ወይም መሪውን ጫፍ ላይ አድርሳችሁ ገፍታችሁ ስትይዙት የመሪው ሞተር ይግላል። ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል ብሎ እገዛውን ይቀንሳል። ጥቂት ደቂቃ ብታሳርፉት ይመለሳል። በአንዳንድ መኪና በዚህ ጊዜ መብራት እንኳ አይበራም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ለመንዳት በሚለማመድ ሰው እጅ ባለ መኪና ላይ በየቀኑ ሊያጋጥም ይችላል።

የሚሄድ የሚመጣ ደግሞ አለ። መብራት፣ መጥረጊያ፣ ማራገቢያ ሲበዛ ይከብዳል፤ ጋዝ ትንሽ ሲረገጥ ይቀላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሁሉም ነገር ይረሳል። ይህ የኤሌክትሪክ እጥረት ጠረን አለው።

አንድ ዓይነት ግን ለብቻው ይቀመጥ። መሪው ራሱ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ወይም እናንተ ሳታዞሩት የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የመጠምዘዝ ሴንሰሩ የተሳሳተ ነገር እየተናገረ ሊሆን ይችላል። የከበደ መሪ ያደክማል፤ በራሱ የሚዞር መሪ ግን ከመንገድ ያወጣል። እንደዚህ ከሆነ አትሞክሩት፣ በተጎታች ይሂድ።

ክብደቱ ስንት ነው ለሚል ሰው፣ የተባበሩት መንግሥታት የመሪ ደንብ ቁጥር 79 አንድ መለኪያ አለው። ተራ የቤት መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ በ4 ሴኰንድ ውስጥ 12 ሜትር ራዲየስ ወዳለው ኩርባ ሲገባ መሪው ጠርዝ ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ150 ኒውተን መብለጥ የለበትም። ወደ 15 ኪሎ ማንሳት ማለት ነው። እገዛው ሲበላሽ የሚፈቀደው 300 ኒውተን ነው፣ እጥፉ። ልብ በሉ፣ ኩርባውም ወደ 20 ሜትር ሰፍቷል። ፈተናው ራሱ «ያለ እገዛ ያንኑ ጠባብ ኩርባ ታጠፍ» አይልም። እናንተም አትሞክሩ።

ፓወር የሌለው መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰዎች «ድሮ ያለ ፓወር አልነዳንም እንዴ?» ይላሉ። ነድተዋል። ግን የድሮው መሪ ቀላል እንዲሆን ተብሎ ብዙ ዙር እንዲዞር የተሠራ ነበር። የአሁኑ በጥቂት ዙር ጫፍ ይደርሳል፤ ስለዚህ ያለ እገዛ ይከብዳል። በዚያ ላይ የቆመውን የኤሌክትሪክ ሞተርና ጥርሱን ጭምር የምታዞሩት እናንተ ናችሁ። መሪው ከኩርባ በኋላ ወደ ቀጥታ ሲመለስም የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው።

እርምጃ 1፦ መንገድ ላይ እያላችሁ

ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ አድርጉ፣ በግራና በቀኝ ትይዩ። ጋዙን ልቀቁ። ኩርባ ውስጥ ከሆናችሁ መጀመሪያ ኩርባውን ጨርሱ፣ ፍሬኑን ከዚያ በኋላ በቀጥታው ላይ ያዙ።

መኪናው እየተንቀሳቀሰ ሞተሩን አጥፍቶ መልሶ ማስነሳት የሚባል ነገር አይሞከርም። «ስታጠፋው ይስተካከላል» የሚለው ምክር እውነት ነው፣ የቆመ መኪና ላይ ብቻ። በጉዞ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬን እገዛም ብዙ ሳይቆይ ያልቃል፤ ቁልፉ ከወጣ ደግሞ መሪው በእውነት ይቆለፋል።

ወደ ዳር ስትወጡ ሰፋ አድርጋችሁ ቀድማችሁ ጀምሩ። መሪውን የምታዞሩት ጎማው ትንሽም ቢሆን እየተንከባለለ ይሁን። ቆሞ ያለ ጎማ አስፋልቱን እየፈጨ ነው የሚዞረው፣ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው።

ከቆማችሁ በኋላ የመብራቱን ቀለም ተመልከቱ። በብዙ መኪኖች ቢጫ ማለት እገዛው ቀንሷል ወይም ስህተት ተመዝግቧል፣ ቀይ ማለት እገዛው የለም ነው። በአንዳንዱ የመሪ ስዕል ሳይሆን EPS የሚል ጽሑፍ ይበራል። ሞተሩን አጥፉ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ አስነሱ። ከጠፋ በሰላም ወደ ቤት ወይም ወደ ጋራዥ ውሰዱት፣ ግን «ተስተካከለ» አትበሉ። ስህተቱ ማህደሩ ውስጥ ተቀምጧል። ካልጠፋና መሪው ከከበደ፣ በጠባብ መንገዶች መንዳቱ አያዋጣም።

እርምጃ 2፦ እገዛው አለ ወይስ የለም?

ቀላል ፈተና አለ። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ መሪውን በሁለት ጣት ወደ አንድ ጎን በቀስታ ሳቡ። ሳትለቁ ሞተሩን አስነሱ። እገዛው ሲነቃ መሪው እጃችሁ ላይ «እሺ» እንዳለ ያህል ወደ ሳባችሁበት ትንሽ ይንሸራተታል። ካልተንሸራተተ እገዛው አልተነሳም።

እዚያው ዳሽቦርዱን እዩት። ቁልፍ ሲከፈት የመሪው መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መጥፋት አለበት። መጀመሪያውኑ ካልበራ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ወይም ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይህችን አትርሷት።

መሪው ከብዶ መብራቱ ግን ጨርሶ ካልበራ፣ ወደ ኤሌክትሪኩ ከመሄዳችሁ በፊት የፊት ጎማዎቹን ነፋስ ለኩ። የጎደለ ጎማ መሪ ያከብዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ፣ ሌላው ቦታ ላይ ቀላል የሆነ መሪ ደግሞ ዘንጉ ላይ ያለ መገጣጠሚያ ዝጎ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ኮምፒውተር አያያቸውም።

እርምጃ 3፦ ኮዱን አንብቡ፣ አታጥፉ

ርካሾቹ ማንበቢያዎች ብዙ ጊዜ የሚያነቡት የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው። የመሪው ኮምፒውተር ሌላ ነው። «ስካን አደረግነው፣ ምንም የለም» የሚል መልስ ከሰማችሁ፣ የመሪውን ሞጁል ገብተው አንብበው እንደሆነ ጠይቁ።

ያገኛችሁትን ሁሉ ጻፉ ወይም ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ። `U0131` ማለት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የመሪውን ኮምፒውተር ማግኘት አልቻሉም ማለት ነው። ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ያላገኘ ሞጁልም መልስ አይሰጥም። `P0562` ደግሞ ቮልቴጅ ዝቅ ብሎ ነበር ይላል። በ C1 የሚጀምሩት እንደ አምራቹ ይለያያሉ፣ የመኪናችሁን ማኑዋል ይፈልጋሉ።

የኔ መኪና ላይ ሁለቱም ኮዶች ነበሩ። ዘንጉን ቀይር ያለኝ ሰው ያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እርምጃ 4፦ ባትሪና ዲናሞ

ቴስተር ያስፈልጋል፣ ዲሲ ቮልት ላይ። መኪናው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ተበልቷል። ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ውስጥ መሆን አለበት።

አሁን ሸክሙን ጫኑበት። መብራት፣ ማራገቢያ፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ይከፈት፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይሁን። ባትሪው ላይ ያለው ቁጥር ከ13 በታች ወርዶ እየወረደ ከሄደ ዲናሞው ወይም ቺንጊያው ይታይ። መሪውን ተዉት፤ መጀመሪያ ይህ ይስተካከል።

የኔ ባትሪ ሲያርፍ 12.5፣ ሲነሳ 14.1፣ ሸክም ተጭኖበት 13.7 ነበር። ባትሪውም ዲናሞውም ነፃ ወጡ። ሞተሪኖውም በአንድ ቁልፍ ያስነሳል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጋራዡ ትክክል ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር።

እርምጃ 5፦ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ የት ይቀራል?

ባትሪው ላይ ያለው ቮልት እና የመሪው ሞተር ጋ የሚደርሰው ቮልት አንድ አይደለም። በመሃል ገመድ አለ፣ ፊውዝ አለ፣ ብሎን አለ። አንዱ ቦታ ላይ ዝገት ወይም ቀለም ካለ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ምንም አይታወቅም። 50 አምፔር ሲያልፍ ግን ብዙ ቮልት እዚያ ይቀራል። ስለዚህ ልኬቱ መሪው እየዞረ መሆን አለበት። መሪው ሳይዞር የተለካ ቁጥር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

የሚያግዛችሁ ሁለተኛ ሰው ፈልጉ። እኔ ታናሽ ወንድሜን አስቀመጥኩት። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ዜሮ ወይም P ላይ ይሁን፣ እጅና ልብስ ከፋኑና ከቺንጊያው ይራቅ። «አዙር» ስትሉት ለሁለት ሦስት ሴኰንድ ያዙርና ይልቀቅ። ጫፍ ላይ ገፍቶ አይያዝ። ከአምስት ስድስት ጊዜ በኋላ አሳርፉት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ግሎ እገዛውን ይቀንስና ቁጥሩ ያታልላችኋል።

መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። የመሪው ፊውዝ ትልቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ 60 ወይም 80 አምፔር፣ ኮፈኑ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ፣ አንዳንዱ በብሎን የታሰረ። ስንጥቅ ወይም የጠቆረ እግር ፈልጉ። ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ብቻ ይተካ።

ቀጥሎ ሦስት ልኬት አለ። መሪው በሚዞርበት ጊዜ ባትሪው ላይ ያለው ቮልት አንዱ ነው። ሁለተኛው ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ መሪው ኮምፒውተር ወፍራም ፖዘቲቭ ገመድ ድረስ ነው፦ የቴስተሩ ሁለቱም ጫፎች ፖዘቲቭ ላይ ናቸው፣ የሚያሳየውም በመንገድ የቀረውን ቮልት ነው። ሦስተኛው እንደዚሁ በኔጌቲቩ በኩል። የቴስተሩ ገመድ ካልደረሰ በተራ ቀጭን ሽቦ ቀጥሉት። ቴስተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አይጎትትም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሽቦው ቢቀጥንም ቁጥሩን አያበላሽም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። የሶኬቱን ጀርባ በስሱ ንኩ፣ ፒኑን አታስፉት። ዳሽቦርዱ ሥር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ናቸው፣ በቴስተር አይነኩም።

የኔ ቁጥሮች እነሆ። መሪው ሲዞር ባትሪው 13.2 ቮልት። ፖዘቲቭ መንገድ ላይ የቀረው 0.3። ኔጌቲቭ መንገድ ላይ የቀረው 2.7። ስትቀንሱት ሞተሩ ጋ የደረሰው 10.2 ቮልት ብቻ ነው። ወደ 10 ቮልት ሲጠጋ ብዙ የመሪ ኮምፒውተሮች እገዛውን መቀነስ ወይም ማቆም ይጀምራሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር እንደ መኪናው ይለያያል። በአንድ በኩል እስከ ግማሽ ቮልት ድረስ ቢቀር አልጨነቅም፤ 2.7 ግን ሌላ ታሪክ ነው።

እርምጃ 6፦ መንገዱን እየቆረጡ መፈለግ

ኔጌቲቩ ላይ 2.7 ቀርቷል። የት? መንገዱን ቆራርጡት። ከባትሪው የእርሳስ ጫፍ እስከ ማሰሪያው፦ 0.05። ከማሰሪያው እስከ ገመዱ መጨረሻ ቀለበት፦ 0.1። ከቀለበቱ እስከ ቦዲው ባዶ ብረት፦ 2.5። ተገኘ። ከቦዲው እስከ መሪው ኮምፒውተር የቀረው ኢምንት ነው።

ወንድሜ ጥቂት ጊዜ ካዞረ በኋላ ብሎኑን ነካሁት፣ ሞቆ ነበር። ሒሳቡም ይኼንኑ ይላል፦ 2.5 ቮልት በ50 አምፔር ሲባዛ 125 ዋት ይሆናል። የድሮ የፊት መብራት ሁለት አምፖሎች ያህል ሙቀት በአንድ ብሎን ሥር ማለት ነው።

ብሎኑን ስፈታው ቀለበቱ ሥር ቀለም ነበር። ያ ጎን ከወራት በፊት ቦዲ ሥራ ተሠርቶለታል። ቀለም ቀቢው ብረቱን አሳምሮ ቀባው፣ ከዚያ ገመዱን በቀለሙ ላይ መልሶ አሰረው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር።

ታዲያ ሞተሪኖው እንዴት ደህና ሆነ? ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሁለት ገመድ አለ። አንዱ ወፍራሙ ወደ ሞተሩና ካምቢዮው ይሄዳል፣ ሞተሪኖው የሚጠቀመው በእሱ ነው። ሌላው ወደ ቦዲው ይሄዳል፤ መሪውና መብራቶቹ በዚህኛው ነው የሚመለሱት። የታመመው ሁለተኛው ነው። «በደንብ ይነሳል፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ቴስተር ለሌለው ሰው እንኳ ምልክት ነበረው፦ ማታ ግድግዳ ፊት ቆማችሁ መሪውን ስታዞሩ የፊት መብራቱ ጉልህ ሆኖ ደብዘዝ ይላል። ትንሽ መንቀጥቀጥ ጤና ነው፣ ሻማ መምሰል ግን አይደለም።

እርምጃ 7፦ ማስተካከልና መልሶ መለካት

መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ቀለበቱንና ቀለበቱ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪታይ አጽዱ። ብሎኑን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ዝገት እንዳይመለስ ግሪስ ወይም ቀለም ከታሰረ በኋላ ከላይ ይቀባል፣ ከሥር አይደለም። የኔን መኪና ያሳመማት ይኼው ቅደም ተከተል ነበር።

ባትሪ ተፈትቶ ሲታሰር በአንዳንድ መኪኖች የመሪው መብራት እንደገና ይበራል። አትደንግጡ። የመሪው ማዕዘን ሴንሰር ቀጥታው የት እንደሆነ ረስቷል። ብዙ ጊዜ ሞተሩን አስነስታችሁ መሪውን አንዴ ወደ ግራ ጫፍ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ጫፍ ብታደርሱት፣ ወይም ጥቂት ብትነዱት ይጠፋል። አንዳንዱ በስካነር ማስተማር ይፈልጋል።

ከዚያ ያንኑ ልኬት ድገሙ። እኔ ጋ ኔጌቲቩ ላይ የቀረው ከ2.7 ወደ 0.2 ወረደ። ባትሪው 13.3፣ ፖዘቲቩ ላይ 0.3፣ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 12.8። ኮዶቹን አሁን ነው የምታጠፉት። ከዚያ ያንኑ ሁኔታ ፍጠሩ፦ ማታ፣ መብራት በርቶ፣ መጥረጊያና ማራገቢያ ተከፍቶ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ወደኋላ።

ቮልቱ ደህና ሆኖ ቢከብድስ?

ያኔ ጋራዡ ትክክል ሊሆን ይችላል። መሪው በሚዞርበት ጊዜ ሞተሩ ጋ 12 ቮልት ወይም በላይ እየደረሰ መብራቱ ከበራ፣ የቀረው ሴንሰሩ፣ ሞተሩ ወይም ኮምፒውተሩ ነው። ሴንሰሩን በስካነር ማየት ይቻላል። መሪው ቀጥ ብሎ፣ እጅ ሳይነካው የሚነበበው ጉልበት ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ስትስቡ ቁጥሩም ተቀራራቢ ይሁን። እጅ ሳይነካው ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ቁጥር፣ በዚያው ጎን ቀሎ በሌላው ከብዶ ከሚሰማ መሪ ጋር ከተገጣጠመ፣ ምስክር አገኛችሁ ማለት ነው።

ዘንጉን ወይም ሞተሩን መንቀል የቤት ሥራ አይደለም። ኤርባጉ እዚያው ነው፣ ከተገጠመ በኋላም ሴንሰሩ ዜሮው የት እንደሆነ በስካነር መማር አለበት። ያገለገለ ዘንግ ገጥሞ ይህንን የሚዘል ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ መኪናው መሪው ትንሽ ጠምዞ በቀጥታ ሲሄድ ታያላችሁ። መብራቱም ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ለማሠራት ስትሄዱ እነዚያን ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ባትሪው ላይ፣ ፖዘቲቩ ላይ፣ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሁሉም መሪው እየዞረ የተለኩ።